መኪናው በዓመቱ መካከል ተሸጠ፤ ኢንሹራንሱን ማቋረጥ፣ ማዛወር፣ መተካት ወይስ እስኪያልቅ መተው?

ከቡሬ በቆሎ፣ ከብቸናና ከደጀን ጤፍ የሚጭን አይሱዙ በዓመቱ መካከል ሲሸጥ ሻጭና ገዥ በዋጋው፣ በሊብሬውና ስም ማዞሪያውን ማን ይክፈል በሚለው ላይ ብዙ ይነጋገራሉ። ኢንሹራንሱ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ወይም «እሱን ደውዬ አቋርጠዋለሁ» ተብሎ ይታለፋል። በስልክ የተነገረ ማቋረጥ ግን ማስረጃ የለውም። የዓመቱን አረቦን አስቀድሞ ለከፈለ ሰው ደግሞ የሚመለስለት ገንዘብ በአስር ሺዎች ብር ሊለያይ ይችላል፤ የሚለያየውም በየትኛው መንገድ እንደሄደና ደብዳቤው በየትኛው ቀን እንደገባ ነው።

ይህ ጽሑፍ አንድ ጉዳይ ብቻ ይዟል፦ ለአንድ ዓመት ሙሉ ዋስትና የተገባለት የጭነት መኪና በአራተኛው ወር ላይ ሲሸጥ ባለቤቱ ካሉት አራት ምርጫዎች የትኛው ይሻለዋል? ለስሌት እንዲመች የዓመቱ አረቦን 73,000 ብር፣ ውሉ የጀመረው መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ የሚያበቃው ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንበል። 73,000 ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 200 ብር ይሆናል። የራስዎን ለማስላት በ73,000 ፋንታ በፖሊሲዎ ላይ ያለውን አረቦን ያስገቡ።

መጀመሪያ ፖሊሲው ላይ የሚነበበው

የተሽከርካሪ ፖሊሲ በኋለኛው ገጹ ላይ፣ «ጠቅላላ ሁኔታዎች» በሚለው ክፍል ውስጥ፣ ስለ ማቋረጥ የሚናገር አንድ አንቀጽ አለው። በብዙ ኩባንያዎች ፖሊሲ አንቀጹ ሁለት ነገር ይላል። ውሉን የሚያቋርጠው ኩባንያው ከሆነ የ7 ቀን ማስጠንቀቂያ በአደራ ደብዳቤ ልኮ ላልተጠቀሙበት ቀን ሁሉ የሚደርሰውን አረቦን ቀን በቀን አስልቶ ይመልሳል። የሚያቋርጠው ደንበኛው ከሆነ ግን እሱም 7 ቀን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ተመላሹ የሚሰላው ግን ቀን በቀን ሳይሆን «የአጭር ጊዜ ተመን» በሚባል ሰንጠረዥ ነው። ደንበኛው ተመላሹን የሚያገኘው ደግሞ በዚያ የኢንሹራንስ ዘመን ውስጥ የካሳ ጥያቄ ካላቀረበ ብቻ ነው።

የአጭር ጊዜ ተመን ማለት ኩባንያው ለአንድ ወር ብቻ ዋስትና ቢሸጥልዎ ኖሮ የሚያስከፍልዎ ዋጋ ነው። የአንድ ወር ዋስትና የዓመቱን አሥራ ሁለተኛ እጅ ብቻ አያስወጣም። ፖሊሲ የማዘጋጀት፣ መኪናውን የመመርመርና የመመዝገብ ሥራው ለአንድ ወርም ለዓመትም ያው ስለሆነ ከዚያ በላይ ያስከፍላል። በብዙ ቦታ የሚታወቀው ሰንጠረዥ ይህን ይመስላል፦ እስከ አንድ ወር የዓመቱ ሩብ፣ እስከ ሁለት ወር ከስምንት ሦስት እጅ፣ እስከ ሦስት ወር ግማሽ፣ እስከ አራት ወር ከስምንት አምስት እጅ፣ እስከ ስድስት ወር ሦስት ሩብ፣ እስከ ስምንት ወር ከስምንት ሰባት እጅ፣ ከስምንት ወር ካለፈ ሙሉው። የእርስዎ ኩባንያ ሰንጠረዥ ሊለይ ስለሚችል ከመወሰንዎ በፊት «የአጭር ጊዜ ተመኑን አሳዩኝ» ብለው ይጠይቁ፤ በወረቀት ቢሰጡዎ ደግሞ ይሻላል።

ከዚህ አንድ ነገር ይከተላል። ውሉን መቀጠል ያልፈለገው ኩባንያው ሆኖ ሳለ ሠራተኛው «እርስዎ የማቋረጫ ደብዳቤ ይጻፉልን፣ ቶሎ ያልቃል» ቢልዎ አይጻፉ። ደብዳቤው ከእርስዎ ከወጣ ስሌቱ ከቀን በቀን ወደ አጭር ጊዜ ተመን ይዞራል፤ ልዩነቱም የእርስዎ ኪሳራ ነው።

ከሁሉም በፊት ስሙ ይዙር

አራቱን ምርጫዎች ከማወዳደር በፊት የሚቀድም አንድ ቅደም ተከተል አለ፤ ይህን የሳተ ሰው ከተመላሹ ገንዘብ እጅግ የሚበልጥ ዕዳ ሊገጥመው ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ራሱ ባይነዳውም እንኳ። መኪናውን ሸጠው፣ ብሩን ተቀብለው፣ ቁልፉን አስረክበው ሊብሬው ግን በስምዎ ካለ፣ መኪናው ዓባይ በረሃ ሲወርድ ሰው ቢገጭ መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ኢንሹራንሱን አስቀድመው አቋርጠው ከሆነ ከጀርባዎ የሚቆም የለም። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ኢንሹራንስ ሳይኖረው ተሽከርካሪ መንገድ ላይ እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ስለሚያስገድድ ደግሞ ነገሩ በካሳ ብቻ አያበቃም።

ስለዚህ በትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ስሙ ዞሮ፣ የአዲሱን ሊብሬ ወይም የስም ዝውውሩን ማስረጃ ኮፒ ከያዙ በኋላ ነው ማቋረጫው ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን መምጣት ያለበት። ደብዳቤውን ቀደም ብሎ ማስገባት ይቻላል፤ የተፈጻሚነቱ ቀን ግን ከስም ዝውውሩ በኋላ ይሁን። ገዥው «ስሙን ከፋሲካ በኋላ አዞረዋለሁ» ካለዎ የእርስዎም ማቋረጫ ከፋሲካ በኋላ ነው።

መኪናው በባንክ ወይም በብድርና ቁጠባ ተቋም ብድር የተገዛ ከሆነ ፖሊሲው ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው አበዳሪው ነው። ያለ አበዳሪው የጽሑፍ ስምምነት ኩባንያው አያቋርጥም፤ ተመላሹ ገንዘብም ቢሆን ወደ አበዳሪው ሊሄድ ይችላል። ዕዳው ከተከፈለ የዕዳ ነፃነት ደብዳቤውን ከማቋረጫ ደብዳቤው ጋር አያይዘው ያስገቡ።

አንደኛው ምርጫ፦ ማቋረጥና ተመላሽ መውሰድ

ይህ ምርጫ የሚስማማው ሌላ መኪና በቅርቡ ለማይገዛ፣ ገዥውም የራሱን ኢንሹራንስ ለሚገባ ሰው ነው። ገንዘቡ የሚወሰነው በተፈጻሚነቱ ቀን ስለሆነ ቀኑን በጥንቃቄ እንቁጠረው።

የመኪናው ስም ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ዞሯል እንበል። ባለቤቱ ደብዳቤውን ሐሙስ ታኅሣሥ 23 ቀን አስገባ። ደብዳቤው የገባበትን ቀን ሳይቆጥሩ ከ24 እስከ 30 ሰባት ቀን ነው፤ ስለዚህ ማቋረጫው ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ይጸናል። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ እያንዳንዳቸው 30 ቀን ናቸውና ያለፈው ጊዜ 120 ቀን፣ የቀረው 245 ቀን ነው። ያለፈው ጊዜ አራት ወር ስለሆነ ኩባንያው ከላይ ባለው ሰንጠረዥ ከስምንት አምስት እጁን፣ ማለትም 45,625 ብር፣ ያስቀራል። ተመላሹ 27,375 ብር ነው። ቀን በቀን ቢሰላ ኖሮ 245 በ200 ተባዝቶ 49,000 ብር ይመለስ ነበር። የሁለቱ ልዩነት 21,625 ብር የማቋረጥ ዋጋ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ባለቤቱ ሐሙስ ሳይመቸው ቀርቶ ደብዳቤውን ሰኞ ታኅሣሥ 27 አስገባ እንበል። ሰባቱ ቀን ጥር 4 ላይ ያበቃል፤ ማቋረጫው ከጥር 5 ጀምሮ ነው። አራቱ ወር አልፏል፤ ሰንጠረዡ ወደሚቀጥለው ረድፍ፣ ወደ ሦስት ሩብ፣ ይሄዳል። ኩባንያው 54,750 ብር ያስቀርና 18,250 ብር ይመልሳል። የአራት ቀን መዘግየት 9,125 ብር በላ። በሰንጠረዡ ውስጥ ገንዘቡ ቀስ እያለ አይቀንስም፤ ረድፉ ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ነው የሚወርደው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የወሩ ረድፍ የሚያልፈው መቼ ነው?» የሚለው ነው፤ ከዚያ ቀን ወደ ኋላ ሰባት ቀን ቆጥሮ ደብዳቤውን ከዚያ በፊት ማስገባት ያስፈልጋል። መሐሉ ላይ በዓል ሲኖር፣ እዚህ ገናን እንደምናየው፣ ቢሮ የሚዘጋበትን ቀን አስቦ ሌላ ሁለት ቀን መጠባበቂያ መተው ጥሩ ነው።

አብዛኛው ፖሊሲ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚታተም በመሆኑ ሁለተኛ ችግር ይመጣል። የእኛ መስከረም 1 ቀን 2018 በፖሊሲው ላይ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2025 ተብሎ ነው የሚገኘው። በዚያ አቆጣጠር አራት ወር ሲቆጠር የሚያበቃው ጃንዋሪ 10፣ በእኛ ጥር 2 ቀን ነው፤ በ30 ቀን ወር ከቆጠርነው በሁለት ቀን ይረዝማል። ረድፍ ሊያልፍ ጫፍ ላይ ላለ ሰው እነዚህ ሁለት ቀኖች ዋጋ ስላላቸው ኩባንያው በየትኛው እንደሚቆጥር ጠይቁ። ደብዳቤው ላይ ግን ሁልጊዜ ሁለቱንም ቀን ይጻፉ፦ «ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 9 ቀን 2026 ጀምሮ»። አንዱን ብቻ ከጻፉ ሌላው ሰው ሲለውጠው ይሳሳታል፤ በተለይ አዲስ ዓመት ከጳጉሜን 6 በኋላ ሲገባ ያለው የአንድ ቀን ልዩነት ይረሳል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው። ፖሊሲው ላይ እኩለ ሌሊት ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ «12 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ ንጋት፣ ምሽት፣ ቀትር ወይም እኩለ ሌሊት መሆኑ አይለይም።

የተፈጻሚነት ቀኑን ወደ ኋላ መሳብ አይሞክሩ። «መኪናውን የሸጥኩት ኅዳር ውስጥ ስለሆነ ከኅዳር ጀምሮ ይቋረጥልኝ» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይቀበሉትም፤ ኩባንያው በእነዚያ ቀኖች ሁሉ አደጋ ቢደርስ ሊከፍል ዝግጁ ነበርና አረቦኑን ሠርቶበታል። የሚቻለው አጭሩ የወደፊት ቀን፣ ማስጠንቀቂያው ሲያልቅ፣ ነው።

ሌላው ልብ የሚባለው ነገር የካሳ ጥያቄ ነው። በዚያው ዓመት ለተሰበረ መስታወት እንኳ ካሳ ከተቀበሉ በብዙ ፖሊሲ መሠረት ምንም ተመላሽ የለም። እንዲህ ከሆነ ማቋረጥ ምንም አያስገኝም፤ ወደ ሚቀጥሉት ሁለት ምርጫዎች ይሂዱ።

ሁለተኛው ምርጫ፦ ወደ ሌላ መኪና ማዛወር

ባለቤቱ አይሱዙውን ሸጦ ሌላ መኪና የሚገዛ ከሆነ በእኛ ግምት ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አይጠይቀውም። ውሉ ሳይቋረጥ የተሸጠው መኪና ወጥቶ አዲሱ ይገባል፤ ኩባንያው ይህን በማሻሻያ፣ በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ በኢንዶርስመንት፣ ይሠራዋል። ውሉ ስላልተቋረጠ የአጭር ጊዜ ተመን አይነካውም፤ የቀሩት 245 ቀኖች በሙሉ ዋጋቸው ወደ አዲሱ መኪና ይሄዳሉ።

አዲሱ መኪና ውድ በመሆኑ የዓመት አረቦኑ 91,250 ብር ነው እንበል፤ በቀን 250 ብር ማለት ነው። በቀን የ50 ብር ልዩነት ለ245 ቀን 12,250 ብር ይሆናል፤ ባለቤቱ የሚጨምረው ይህንን ብቻ ነው። በምትኩ አይሱዙውን አቋርጦ ለአዲሱ መኪና አዲስ ውል ቢገባ ግን ከላይ ያየነውን 21,625 ብር ያጣል። በተጨማሪም ለረጅም ጊዜ ካሳ ባለመጠየቅ የተገኘ ቅናሽ ካለዎት በዚህ መንገድ ሳይቋረጥ ይቀጥላል።

ችግሩ ጊዜው ነው። አሮጌው ተሸጦ አዲሱ እስኪገዛ አንድ ወር ቢያልፍ ኩባንያው የሚያዛውርበት መኪና የለም። ያን ጊዜ የሚጻፈው ማቋረጫ ሳይሆን «ሌላ ተሽከርካሪ እስክተካ ድረስ ውሉ ይቆይልኝ» የሚል ደብዳቤ ነው። አንዳንድ ኩባንያ ይህን ይቀበላል፤ አንዳንዱ ቀኑ ይቆጠርብዎታል ይላል። ቢቆጠርብዎትም 30 ቀን 6,000 ብር ነው፤ ከ21,625 ብር ያንሳል። አዲሱ መኪና ለመገዛቱ እርግጠኛ ከሆኑ መቆየቱ ያዋጣል፤ «እግዚአብሔር ካለ» በሚባል ተስፋ ብቻ ከሆነ ግን ረድፎቹ እያለፉ ነውና አቋርጡ።

ሦስተኛው ምርጫ፦ ከመኪናው ጋር ወደ ገዥው ማዛወር

ገዥው መኪናውን ለዚያው ሥራ፣ በዚያው መስመር፣ እህል ለመጫን የሚገዛው ከሆነ ኢንሹራንሱም አብሮ ሊሄድለት ይችላል። ገዥው ራሱ ከኩባንያው አዲስ ማመልከቻ ይሞላል፤ ኩባንያው ይመረምራል፤ ከተስማማ በማሻሻያ ስሙን ይለውጣል። ኩባንያው ለእርስዎ ገንዘብ አይመልስም፤ የቀሩትን ቀኖች ዋጋ የሚከፍልዎ ገዥው ነው። ቀን በቀን ከተሰላ 49,000 ብር መጠየቅ ይችላሉ፤ ገዥው ደግሞ 73,000 ብር ለዓመት ከማውጣት 49,000 ብር ለ245 ቀን መክፈሉ በቀን ሲቆጠር እኩል ነው፤ የሚጠቅመው አሁን የሚያወጣው ገንዘብ አነስተኛ መሆኑ ነው። በመሐል ተደራድሮ 40,000 ብር ላይ ቢስማሙ እንኳ እርስዎ ከማቋረጡ በ12,625 ብር ይበልጣሉ።

ይህን ስምምነት በሽያጭ ውሉ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያስገቡት፦ ስንት ብር፣ ለየትኛው ፖሊሲ ቁጥር፣ መቼ እንደሚከፈል። በቃል ከቀረ ገዥው «ኢንሹራንሱ ከመኪናው ጋር ነው የተሸጠልኝ» ይላል።

እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ፖሊሲውን ወረቀቱን አስረክቦ ኩባንያውን አለማሳወቅ ነው። ወረቀቱ በገዥው እጅ መሆኑ ገዥውን ዋስትና አያስገባውም። መኪናው ሲገለበጥ ኩባንያው «ውል የገባሁት ከሌላ ሰው ጋር ነው» ካለ ገዥው ባዶ እጁን ይቀራል፤ ከእርስዎም ጋር ክርክር ይጀምራል። ስለዚህ ማሻሻያው በኩባንያው ማኅተም ወጥቶ ሳይታይ ገንዘብ መቀባበል አያስፈልግም።

አራተኛው ምርጫ፦ እስኪያልቅ መተው

ስምንት ወር ካለፈ፣ በእኛ ምሳሌ ከግንቦት መጀመሪያ በኋላ፣ በዚያ ሰንጠረዥ መሠረት ተመላሽ የለም። ካሳ ለተቀበለም ሰው እንዲሁ። እንዲህ ሲሆን ለማቋረጥ መሮጥ ትርፍ የለውም፤ ስሙ ከዞረ ኩባንያውን በአጭር ደብዳቤ አሳውቆ ውሉን እስከ ጳጉሜን መተው ይቻላል። የማደሻ ማስታወቂያ ሲመጣ ግን ዝም አይበሉ፤ «አላድስም» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ።

አረቦኑን በክፍያ እየከፋፈለ የሚከፍል ሰው መክፈል ማቆሙን እንደ ማቋረጥ እንዳይቆጥረው። ለተሸፈነው ጊዜ የሚደርሰው ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል፤ ማቋረጫ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ደብዳቤውና የት እንደሚገባ

ደብዳቤው የሚጻፈው ፖሊሲውን ለሰጠው ቅርንጫፍ ነው፤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ በግልባጭ። ፍኖተ ሰላም ያለ ነጋዴ ፖሊሲውን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ አውጥቶት ከሆነ ደብረ ማርቆስ ያለው ቅርንጫፍ ደብዳቤውን ቢቀበለው እንኳ የሚቆጠረው ለሚመለከተው ቅርንጫፍ የደረሰበት ቀን ነው ሊባል ይችላል፤ ስለዚህ «የደረሰበት ቀን ዛሬ ነው» የሚል ማረጋገጫ እዚያው ያስጽፉ። ፖሊሲው በብሮከር ወይም በሽያጭ ወኪል በኩል ከሆነ ለወኪሉ የተሰጠ ደብዳቤ ለኩባንያው እንደደረሰ አይቆጠርም ብለው ያስቡ። ወኪሉ ሊያደርስልዎ ይችላል፤ ማኅተሙ ግን የኩባንያው መሆን አለበት።

ይዘቱ አጭር ይሁን፤ ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦

«ቀን፦ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለ……… ኢንሹራንስ፣ ደብረ ማርቆስ ቅርንጫፍ
ጉዳዩ፦ የተሽከርካሪ ኢንሹራንስ ውል ስለማቋረጥና አረቦን ስለማስመለስ

በፖሊሲ ቁጥር ……… ዋስትና የተገባለትን፣ የሰሌዳ ቁጥሩ ኮድ 3 አማ ………፣ የሻንሲ ቁጥሩ ……… የሆነውን የጭነት ተሽከርካሪ ስለሸጥኩና ስሙም ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም. ወደ ገዥው ስለዞረ፣ ውሉ ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (በፈረንጆች አቆጣጠር ከጃንዋሪ 9 ቀን 2026) ጀምሮ እንዲቋረጥልኝ እጠይቃለሁ። በዚህ የኢንሹራንስ ዘመን ምንም የካሳ ጥያቄ አላቀረብኩም። ያልተጠቀምኩበት አረቦን ከነስሌቱ ተገልጾ በስሜ በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ቁጥር ……… ገቢ እንዲደረግልኝ፣ የማቋረጫ ማሻሻያውም በጽሑፍ እንዲሰጠኝ አመለክታለሁ።

አባሪ፦ ዋናው ፖሊሲና የምስክር ወረቀት፣ የሦስተኛ ወገን ተለጣፊ፣ የስም ዝውውር ማስረጃ ኮፒ፣ የመታወቂያ ኮፒ
ስምና ፊርማ»

«ከነስሌቱ ተገልጾ» የምትለው ሐረግ ትንሽ ትመስላለች፤ ያለ እርሷ ግን አንድ ድምር ብቻ ተጽፎ ይመጣና በየትኛው ረድፍ እንዳሰሉት ማወቅ ያቅታል። ስሙ በፖሊሲው፣ በመታወቂያውና በባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት መሆኑንም ይመልከቱ፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የአንድ ፊደል ልዩነት ክፍያውን ያስቆማል። ሌላ ሰው የሚያስገባልዎ ከሆነ በውክልናው ላይ «ውል የማቋረጥና ተመላሽ ገንዘብ የመቀበል» ሥልጣን በግልጽ ይጻፍ፤ መኪና የመሸጥ ውክልና ብቻ ያለውን ሰው ይመልሱታል።

ተለጣፊው ከመስታወቱ ላይ ሲነሳ ይቀደዳል። በመስታወቱ ላይ እንዳለ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሱት፣ ከዚያ ቁርጥራጩን በፖስታ ውስጥ አስገብታችሁ አስረክቡ። ለገዥው ትታችሁት ከሄዳችሁ ገዥው በእናንተ ስም ዋስትና እየነዳ ነው ማለት ነው፤ ኩባንያውም ተለጣፊው ሳይመለስ አያቋርጥም ሊል ይችላል። ገዥው የራሱን ዋስትና ስሙ በዞረበት ቀን እንዲገባ ይንገሩት፤ የእርስዎ እስከ ጥር 1 ቢቀጥልም እሱን አይሸፍነውም።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ይዘው ይሂዱ። አንዱን መዝገብ ቤቱ ያስቀራል፤ በቀሪዎ ላይ ቀን፣ የገቢ ቁጥር፣ የተቀባዩ ስምና ፊርማ፣ ማኅተም ያስደርጉ። ማኅተም ያለ ቀን ከሆነ ይመልሱትና ቀኑን ያስጽፉ፤ ሰባቱ ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። መሄድ ካልቻሉ ፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ይላኩና ደረሰኙን ያስቀምጡ፤ ለመድረሻው ቀን ግን ተጨማሪ ጊዜ ይተዉ። በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የተላከ ቅጂ ጠቃሚ ነው፤ ዋናውን ወረቀት ግን አይተካም።

መቋረጡን የሚያረጋግጠው ወረቀት

ማኅተም የተደረገበት ቀሪ ደብዳቤ እርስዎ መጠየቅዎን ያሳያል እንጂ ውሉ መቋረጡን አያሳይም። መቋረጡን የሚያሳየው ኩባንያው የሚያወጣው የማቋረጫ ማሻሻያ ነው። በላዩ ላይ የፖሊሲ ቁጥሩ፣ የሰሌዳና የሻንሲ ቁጥሩ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደተቋረጠና የሚመለሰው ገንዘብ ስንት እንደሆነ መኖር አለበት። ቀኑን ከደብዳቤዎ ጋር ያስተያዩ። ሠራተኛው ሥራውን የሠራበትን ቀን፣ ለምሳሌ ጥር 12ን፣ የማቋረጫ ቀን አድርጎ መጻፉ የተለመደ ስሕተት ነው፤ በእኛ ምሳሌ ይህ ወደ ሦስት ሩብ ረድፍ ይወስድና 9,125 ብር ያስቀራል። ያን ጊዜ ማኅተም ያለበት ቀሪ ደብዳቤዎ ይታረም ዘንድ የሚያሳዩት ማስረጃ ነው።

ሒሳቡ ኩባንያው ሊመልስልዎ የሚገባውን በሚያሰፍርበት ወረቀት፣ በክሬዲት ኖት፣ ይመዘገባል፤ ክሬዲት ኖት ግን ብር አይደለም። ገንዘቡ ሒሳብዎ ውስጥ እስኪገባ ወይም ቼኩ እስኪሰጥዎ ድረስ ጉዳዩ ክፍት ነው። «ለሚቀጥለው ዓመት አረቦን እናቻችልዎት» ቢሉዎ የሚቀጥል መኪና ከሌለዎት አይቀበሉ። ሲከፈልዎ ደግሞ «ምንም ቀሪ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት እንዲፈርሙ ይጠየቃሉ፤ ገንዘቡን ከስሌቱ ጋር ሳያስተያዩ አይፈርሙ። ከአረቦኑ ውጭ ያሉ የሰነድና የተለጣፊ ወጪዎች አብዛኛውን ጊዜ አይመለሱም፤ ትንሽ ከጎደለ መጀመሪያ ይህንን ያጣሩ።

መልስ ሳይመጣ ከዘገየ የመጀመሪያውን ደብዳቤ የገቢ ቁጥር ጠቅሶ ሁለተኛ ደብዳቤ ለዋናው መሥሪያ ቤት ይጻፋል። ከዚያም ካልተፈታ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ስለሆነ ቅሬታ እዚያ ይቀርባል፤ ቀሪ ደብዳቤዎቹ፣ ፖሊሲውና የስም ዝውውሩ ማስረጃ ተያይዘው። የማቋረጫ ማሻሻያውን፣ የገንዘቡን ደረሰኝና የስም ዝውውሩን ኮፒ በአንድ ፋይል ለዓመታት ያስቀምጡ፤ መኪናው ከተሸጠ በኋላ ስለደረሰ አደጋ መጥሪያ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው።